የቆመው ታክሲ እንቆቅልሽ፦ ለባህል ፈንድ የሚጻፍ የልጆች አኒሜሽን ማመልከቻ

የልጆች ፊልም ከሚሠሩ ወዳጆቼ ጋር ተቀምጬ ብዙ የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፤ ጥቂቱንም አብሬ ጽፌአለሁ። ስለ መንገድ ደህንነት የሚጻፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሟቾች ቁጥር ነው፦ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ቁጥሩ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ሪፖርት የተወሰደ ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሁሉም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑንም ያው ሪፖርት ይናገራል። ሐቁ ከባድ ነው፤ ግን ደብዳቤው የሚደርሰው የባህል ፈንድ ገምጋሚ እጅ ነው። ገምጋሚው ይህን አንብቦ «ይህማ የትራፊክ ፖሊስ ወይም የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው፤ እኛ ዘንድ ለምን መጣ?» ይላል። መልሱን መጀመሪያው ገጽ ላይ ካላገኘ የቀረውን በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ደብዳቤው ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚህ ሥራ ውስጥ ባህሉ ምን ይሠራል? ብዙዎች ገጸ ባሕርያቱን የሀገር ልብስ አልብሰው፣ ከበስተጀርባ ክራር አስገብተው መልስ የሰጡ ይመስላቸዋል። ልብሱና ክራሩ ቢወጡ ታሪኩ ሳይነካ የሚቀጥል ከሆነ ግን ባህሉ ጌጥ እንጂ ሥራ አልነበረውም። ገምጋሚዎች ይህን ቶሎ ያያሉ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልያዘው። ከ5 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚሆን፣ እያንዳንዳቸው 4 ደቂቃ የሆኑ 6 ክፍሎች ያሉት ተከታታይ አስቡ። ስሙ «ሀገር ስጠኝ» ይሁን። መነሻው ሁላችንም ያደግንበት የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መላሹ ካቃተው ጠያቂው ሀገር ይጠይቃል፣ የተሰጠው ሀገር «ሄዶ» መልሱን ይዞ ይመለሳል። በተከታታዩ ውስጥ አንዲት አያትና ሁለት የልጅ ልጆቿ ይጫወታሉ። ልጆቹ መልሱ ሲጠፋቸው «ባህር ዳርን ሰጠንሽ» ካሉ ታሪኩ ባጃጅና ብስክሌት ወደሚርመሰመስበት የባህር ዳር ጎዳና ይሄዳል፤ «ሞጆን ሰጠንሽ» ካሉ ወደብ ደርሰው የሚመለሱ ተሳቢዎች ወደሚያልፉበት ከተማ ይሄዳል። ጨዋታው ከወጣ ታሪኩ የሚሄድበት መንገድ የለውም። «ባህሉ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከዚያ በላይ ደግሞ እንቆቅልሽ ውስጥ ዝምታ አለ። ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ልጁ ዝም ብሎ ያስባል፣ ቸኩሎ የመለሰ ይሸነፋል። መንገድ ዳር የምንፈልገው ይህንኑ ቆም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እንቆቅልሽ እንዲህ ብንሠራው፦ «ከፊቱ ብቆም ያየኛል፤ ከኋላው የሚመጣውን ግን ይደብቅብኛል። ምንድን ነው?» መልሱ የቆመ ታክሲ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው መንገዱን ራሱን ማወቅ አለበት። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። ልጁ ከሚኒባስ ወርዶ በፊቱ በኩል ሊሻገር ሲወጣ ሊመጣበት የሚችለው መኪና ከግራው፣ ከታክሲው ጀርባ ነው። ታክሲውን ለመቅደም የሚወጣው ሾፌር ልጁን አያይም፤ ልጁም መኪናውን አያይም፣ ምክንያቱም ታክሲው ከቁመቱ እጅግ ይበልጣል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ 50 ከሆነ ወደ 14 ሜትር ይደርሳል። ሾፌሩ ደንግጦ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ያ ሰከንድ አልቋል። ስለዚህ ክፍሉ የሚያስተምረው አንድ ድርጊት ብቻ ነው፦ ታክሲው ሄዶ መንገዱ በሁለቱም በኩል እስኪታይ እግረኛ መንገድ ላይ መጠበቅ። ዜብራውም፣ መብራቱም፣ የትራፊክ ምልክቱም በአንድ ክፍል ከታጨቁ ልጁ አንዱንም ይዞ አይወጣም።

አንድ ድርጊት ብቻ መምረጥን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስኮትላንድ የዳንዲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ትንንሽ ልጆች በጨዋታና በሥዕል ስለ መንገድ አደጋ እንዲማሩ አድርጎ ነበር። ልጆቹ ተማሩ፤ ከወራት በኋላ ሲጠየቁም አልረሱም። እውነተኛ መንገድ ዳር ሲታዩ ግን አሻጋገራቸው አልተሻሻለም። ልጅ ደንቡን በቃሉ መድገሙና እግሩ መቆሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደብዳቤው «ልጆች ስለ መንገድ ደህንነት ግንዛቤ ያገኛሉ» ብሎ ቃል ከገባ፣ ገምጋሚው ይህን የሚያውቅ ሰው ከሆነ፣ ከዚያ መስመር አያልፍም።

ስለዚህ ቃሉ የሚታይ ነገር ይሁን። ለምሳሌ፦ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሞተሩ ጠፍቶ ይቆማል፣ በኖራ የመንገድ ዳር ይሰመራል፣ ሃያ ልጆች ተራ በተራ በአስተማሪያቸው እየታዩ «እንዲሻገሩ» ይደረጋል። ስንቶቹ በቆመው ታክሲ ፊት ሳይወጡ የኖራው መስመር ላይ ጠበቁ? ክፍሉን አይተው፣ ከአስተማሪያቸው ጋር በግቢው ውስጥ ከተጫወቱት በኋላ ደግሞ ይቆጠራል። የሚንቀሳቀስ መኪና ባለበት መንገድ ላይ ልጆችን መፈተን አይገባም፤ ደብዳቤው ይህንንም በግልጽ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። «የትራፊክ አደጋን እንቀንሳለን» የሚለው ግን ከደብዳቤው መውጣት አለበት። ስድስት አጫጭር ፊልም የከተማን የአደጋ ቁጥር መለወጡን ማንም ሊያሳይ አይችልም።

የደብዳቤው መግቢያ እንግዲህ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ‹ሀገር ስጠኝ› ለተሰኘ የልጆች አኒሜሽን የገንዘብ ድጋፍ ስለመጠየቅ

የእንቆቅልሽ ጨዋታ ልጅን ሳይቸኩል እንዲያስብ የሚያለማምድ የቃል ጥበባችን ነው። ይህንን ጨዋታ የታሪክ መሠረት ያደረጉ፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ ስድስት የአኒሜሽን ክፍሎች ለመሥራት ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ክፍል ልጁ በአንድ ከተማ መንገድ ዳር ቆም ብሎ የሚያደርገውን አንድ ድርጊት ያሳያል። ሥራው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጃል፤ በ9 ወር ውስጥ ይጠናቀቃል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ምን እንደሚሠራ፣ ለማን፣ በምን ቋንቋ፣ በስንት ጊዜ፣ ሁሉም አለ። የሟቾቹ ቁጥር ሁለተኛው ገጽ ላይ ቦታ አለው።

የጊዜው ነገር ብዙ ደብዳቤ የሚሰናከልበት ነው። ሥዕሉ በየእንቅስቃሴው አዲስ ካልተሣለና ገጸ ባሕርያቱ እንደ አሻንጉሊት መገጣጠሚያ ተበጅቶላቸው በኮምፒውተር ከተንቀሳቀሱ፣ አንድ የለመደ አኒሜተር በቀን 6 ሰከንድ ያህል ይጨርሳል ብለን እንቁጠር። 4 ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው። ሁለት ሰው በቀን 12 ሰከንድ ከሠሩ አንዱ ክፍል 20 የሥራ ቀን፣ ስድስቱ 120 የሥራ ቀን ይወስዳሉ። በሳምንት አምስት ቀን ከተሠራ 24 ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ድርሰት፣ የትዕይንት ሥዕልና የድምፅ ቀረጻ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሙዚቃና የድምፅ ማደባለቅ አለ። ዘጠኝ ወር የመጣው ከዚህ ነው። «በሦስት ወር እናደርሳለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ገምጋሚው ይህንን ስሌት በልቡ ያሰላል።

በጀቱ ውስጥ ደግሞ የሚረሳው ድምፅ ነው። ሥዕሉ በዝርዝር ይገባል፣ ድምፁ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ይደበቃል። ግን የልጆቹ ድምፅ ከእንቅስቃሴው በፊት መቀዳት አለበት፤ የአፉ እንቅስቃሴ የሚሠራው ድምፁን ተከትሎ ነው። ንግግሩ ከሙዚቃውና ከመንገዱ ጫጫታ ተለይቶ ካልተቀመጠ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲመለስ ሙዚቃው እንደ አዲስ መሠራት ይኖርበታል፣ ወጪውም ይጨምራል። በሥዕሉ ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ ካለም እንደዚያው ነው። የሚናገሩት ልጆች ወላጆች ፈቃድ፣ የሠዓሊውና የሙዚቃ ደራሲው የጽሑፍ ውል ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ። የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መብትን ሲያስተላልፉ በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ፈንዱም ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት የሥራው ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠይቃል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ላንሳ። የታክሲውን ክፍል የመሰለ ታሪክ ገና በወረቀት ሥዕልና በተቀዳ ድምፅ ብቻ እንዳለ ለአንደኛ ክፍል ልጆች አሳየን። በረቂቁ ውስጥ አንድ ቀልደኛ ልጅ ሮጦ ይወጣል፣ ብሬክ ይጮኻል፣ ለጥቂት ይተርፋል፣ ከዚያ ይማራል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። በእረፍት ሰዓት ግቢውን ስንመለከት ሦስቱ «ብሬክ» እየተጫወቱ ነበር፤ አንዱ ሮጦ ይወጣል፣ ሌላው እየጮኸ ይቆማል። ከታሪኩ የወሰዱት ጥፋቱን ነው። ያንን ትዕይንት አወጣነው፤ ሮጦ የሚወጣውን ልጅ ትተን በምትኩ እንቆቅልሹን ቀድማ የፈታችውንና የጠበቀችውን ልጅ የምታስቀና አደረግናት። ለውጡ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። አኒሜሽኑ ካለቀ በኋላ ቢሆን ሁለት ሳምንት በፈጀ ነበር፤ ምናልባትም ገንዘብ ስለሌለ እንዳለ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ «ከልጆች ጋር የሚደረግ የረቂቅ ሙከራ» ተብሎ የራሱ ቀንና የራሱ ገንዘብ ይመደብለት፤ ገምጋሚው ቢቀንሰው አስረዱ፣ ተከራከሩለት።

የሚታይበት ቦታም በስም ይጠራ። «በማኅበራዊ ሚዲያ ይሰራጫል» በቂ አይደለም። ቴሌቪዥን ጣቢያ ከሆነ የፍላጎት ደብዳቤ ይያያዝ፤ ትምህርት ቤት ከሆነ ፊልሙ በምን እንደሚታይ ይጻፍ፣ ኢንተርኔትና ፕሮጀክተር የሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነውና። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአሻንጉሊት ገጸ ባሕርያት በአማርኛ ለትንንሽ ልጆች መንገድ የከፈተ ሥራ ነው፤ የእናንተ ከእሱ በምን እንደሚለይ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ገምጋሚው ያውቀዋልና ሳትጠቅሱት ብታልፉ ያልተመለከታችሁ ይመስለዋል።

ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። በጀቱ፣ የሥራ ሰሌዳው፣ ውሎቹና የገጸ ባሕርያቱ ሥዕል አባሪ ይሆናሉ። ከሥዕሎቹ መካከል አንዱ የቆመው ታክሲ ይሁን፤ ልጅቷ የእግረኛ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ከታክሲው ጀርባ የሚመጣው መኪና ደግሞ ለአንባቢው ብቻ እየታየ። ገምጋሚው ያንን ሥዕል ሲያይ እንቆቅልሹን ራሱ ይፈታዋል።