ከቦንድ ዋጋ ውስጥ ወለድን ዓመት በዓመት ማውጣት

የአሜሪካ መንግሥት ከሕዝብ ሲበደር በዋናነት ሁለት ዓይነት ሰነድ ይሸጣል። እስከ 52 ሳምንት የሚቆየው የግምጃ ቤት ሰነድ በየጊዜው የሚከፈል ወለድ የለውም። ገዢው ዛሬ ቀንሶ ይከፍላል፤ ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ይቀበላል። ልዩነቱ ወለዱ ነው። በአገራችን የሚሸጡት የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነዶችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆዩት የአሜሪካ ቦንዶች ግን በየስድስት ወሩ ኩፖን የሚባል ወለድ ይከፍላሉ፤ ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ አንድ ችግር ይመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ለሚቀመጥ ገንዘብ ገበያው ስንት ወለድ ይጠይቃል? ይህ ምጣኔ ስፖት ሬት ይባላል። ከሦስት ዓመት ቦንድ ዋጋ ላይ በቀጥታ ማንበብ አይቻልም፤ ከቦንዱ ገንዘብ ከፊሉ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከፊሉ በሁለተኛው ስለሚመለስ ዋጋው የሦስት የተለያዩ ወለዶች ድብልቅ ነው። ድብልቁን ከአጭሩ ጊዜ ጀምሮ አንድ በአንድ መፍታት ቡትስትራፒንግ ይባላል።

በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተመረጡ ናቸው፤ ስሌቱ እንዲቀል ደግሞ ኩፖኑ በዓመት አንዴ ይከፈላል እንበል። ከአንድ ዓመት በኋላ 100 ዶላር የሚከፍል ኩፖን አልባ ሰነድ ዛሬ 96 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ የዓመት ማዶ አንድ ዶላር ዛሬ 0.96 ነው፤ ወለዱም 4.17 በመቶ ይሆናል።

ቀጥሎ በዓመት 5 ዶላር ኩፖን የሚከፍል፣ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ የሁለት ዓመት ቦንድ እንውሰድ። የመጀመሪያው ኩፖን ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አሁን እናውቃለን፤ 5 ሲባዛ በ0.96፣ 4.80 ዶላር። ይህን ከ100 ስንቀንስ 95.20 ይቀራል። ይህ ቀሪ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለሚመጣው 105 ዶላር የተከፈለ ዋጋ ነው። 95.20 ለ105 ሲካፈል 0.9067 ይሆናል፤ የሁለት ዓመቱ ስፖት ሬት 5.02 በመቶ ወጣ ማለት ነው።

የሦስት ዓመቱ ቦንድ 6 ዶላር ኩፖን አለው፤ ዋጋው 101 ነው። ሁለቱ ቀዳሚ ኩፖኖች በ0.96 እና በ0.9067 ተባዝተው 11.20 ዶላር ያወጣሉ። የቀረው 89.80 ለ106 ሲካፈል 0.8472 ይሰጣል፤ ወለዱ 5.68 በመቶ ነው። ቦንዱን ገዝቶ እስከ መጨረሻው ለሚይዝ ሰው የሚሰላው አንድ ወጥ የወለድ ምጣኔ ግን 5.63 በመቶ ብቻ ነው። ዝቅ ያለው የቀደሙት ዓመታት ርካሽ ወለድ ስለተቀላቀለበት ነው።

ውጤቱን በገበያው መፈተን ይቻላል። ከ1985 ጀምሮ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የቦንዶቹ ክፍያዎች ተነጣጥለው ለየብቻ እንዲሸጡ ፈቅዷል፤ ሰነዶቹ ስትሪፕስ ይባላሉ። በምሳሌያችን የሦስት ዓመቱ ቁራጭ ከ84.72 ዶላር በጣም ረክሶ ቢገኝ፣ ነጋዴዎች ቁራጮቹን ገዝተው መልሰው ቦንድ ያደርጉና ያተርፉበታል። ዋጋዎቹን የሚያቀራርበው ይህ ግዢና ሽያጭ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ ትኩረት የምሰጠው ለተሳሳተ ዋጋ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ስለሚጠቀም ስሕተት ወደ ፊት ይሻገራል፤ የሚያስቸግረው ደግሞ መደበቁ ነው። የሁለት ዓመቱ ቦንድ ዋጋ በስሕተት 100.50 ተብሎ ቢገባ የሁለት ዓመቱ ስፖት ሬት ወደ 4.75 ይወርዳል። የሦስት ዓመቱ ከ5.68 ወደ 5.70 ብቻ ስለሚሄድ ማንም ላያስተውለው ይችላል። ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው ከአንዱ ዓመት ወደ ቀጣዩ ያለውን ወለድ ለብቻው ስናሰላ ነው። በትክክለኛው ዋጋ የሁለተኛው ዓመት ወለድ 0.96 ለ0.9067 ተካፍሎ 5.88 በመቶ፣ የሦስተኛው 7.02 ነበር። በተሳሳተው ግን 5.33 እና 7.62 ይሆናሉ። ከዓመት ዓመት እንዲህ ድንገት የሚዘል ቁጥር ሲታይ ቀድሞ መመርመር ያለበት የገባው ዋጋ ነው።

የተለመደው የስሕተት ምንጭ በጣም ቀላል ነገር ነው። በአሜሪካ የቦንድ ዋጋ ሲነገር ካለፈው ኩፖን ወዲህ የተጠራቀመው ወለድ አይካተትበትም፤ ገዢው ግን ይከፍለዋል። ስሌቱ የሚሠራው በእጅ በሚከፈለው ሙሉ ገንዘብ ነውና የተጠራቀመው ወለድ መደመር አለበት። ሌላው፣ አዲስ የወጡ ቦንዶች በቀላሉ ስለሚሸጡ ከአሮጌዎቹ ትንሽ ይወደዳሉ፤ ሁለቱ በአንድ ስሌት ሲገቡ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይዋዥቃል።

ክፍተትም አለ። በአንድ ዓመቱ ሰነድና በሁለት ዓመቱ ቦንድ መካከል 18 ወር የሚቆይ አዲስ ሰነድ አይወጣም፤ ኩፖኑ ግን በዚያ ቀን ይከፈላል። ባለሙያው ሊከፈል 18 ወር የቀረው አሮጌ ቦንድ ይፈልጋል። ካላገኘ በሁለቱ መካከል ያለውን ወለድ ገምቶ ይሞላል፤ ያ ቁጥር ከገበያ የተነበበ ሳይሆን የአገማመቱ ውጤት መሆኑን በሰንጠረዡ ላይ ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።