ማርፈድ ከሥራ የሚያሰናብተው መቼ ነው?

ሠራተኛን ማሰናበት ተገቢ የሚሆነው ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ሲኖር፣ ምክንያቱ በማስረጃ ሲረጋገጥና ሥርዓቱ ሲጠበቅ ነው። አንዱ ከጎደለ ስንብቱ ሕገ ወጥ ይሆናል። በማርፈድ የሚመጣ ስንብት ይህን በግልጽ ያሳያል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ልኩን አስቀምጧል። ሠራተኛው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ፣ ስለ ጥፋቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ካልታረመ፣ አሠሪው ወዲያውኑ ሊያሰናብተው ይችላል። የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የሥራ ውል በቂ ብሎ በሚቀበለው ምክንያት ማርፈድ ግን ከቁጥር አይገባም።

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 4 ዓመት በቋሚነት የሠራች ሠራተኛን እናስብ። የመግቢያ ሰዓቱ 2:00 ነው። ከመስከረም 12 እስከ የካቲት 20 ድረስ 8 ጊዜ አርፍዳ መግባቷ በሰዓት መቆጣጠሪያው ተመዝግቧል። በጥቅምት፣ በታኅሣሥና በጥር በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ፈርማም ተቀብላለች። የካቲት 25 የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት።

እስከዚህ ድረስ አሠሪው ሥርዓቱን የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን በኅዳር ያረፈደችው ልጇን ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር፤ የሕክምና ማስረጃውንም በዕለቱ አስገብታለች። የፋብሪካው የሥራ ደንብ ይህን ምክንያት የሚቀበል ከሆነ የሚቆጠረው ማርፈድ 7 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስንብቱ አይጸናም። ያ ማስረጃ ባይኖር ኖሮ ግን 8ቱም ይቆጠሩና ስንብቱ ሕጋዊ በሆነ ነበር።

ቁጥሩ ቢሟላም ስንብቱ የሚፈርስባቸው ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ማርፈድ የተፈጸመው ነሐሴ 5 ቢሆን ኖሮ፣ እስከ የካቲት 20 ድረስ ከ6 ወር ስለሚያልፍ ከቁጥር ይወጣ ነበር። ማስጠንቀቂያው በቃል ብቻ ቢነገራት፣ ወይም ጥፋቱ ዝም ተብሎ ከተጠራቀመ በኋላ ደብዳቤው ቢከተል፣ የመታረም ዕድል አላገኘችም ማለት ነው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተም መብቱ ይቀራል፤ ስንብቱ ሚያዝያ 25 ቢሆን ኖሮ ጊዜው አልፎበታል። ደብዳቤውም የስንብቱን ምክንያትና ቀን በግልጽ መያዝ አለበት።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤት ሠራተኛዋ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈላት ሊወስን ይችላል። ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ነው፤ 4 ዓመት ላገለገለች ሠራተኛ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የተሰናበተ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያና የስንብት ደብዳቤዎቹን፣ ያረፈደበትንም ምክንያት የሚያስረዱ ሰነዶች ይዞ ጊዜው ሳያልፍ ክሱን ማቅረብ አለበት።