የማስታወቂያ የመጨረሻዋ መስመር

አንድ የሥልጠና ማዕከል የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ሊከፍት ነው እንበል። በቴሌግራም የሚለቀው ማስታወቂያ በምን ይዝጋ?

የትምህርቱ ሰዓት ገና ካልተቆረጠ «ይንገሩን» ይቀድማል። ግን «አስተያየትዎን ይንገሩን» ሰፊ ስለሆነ ብዙዎች ያልፉታል። «የሚመችዎ ማታ ነው ወይስ ቅዳሜ? ይንገሩን» ቢባል ግን በአንድ ቃል ይመለሳል።

«አሁኑኑ ይመዝገቡ» የሚሠራው አንባቢው ዋጋውን፣ ቀኑንና ቦታውን አውቆ ለመወሰን ሲደርስ ነው። ከሥሩ የመመዝገቢያው ሊንክና የምዝገባው ማብቂያ ቀን ይቀመጡ። ክፍያው ሳይነገር «አሁኑኑ» ከተባለ ሰው ሊንኩን ከፍቶ ቅጹን ሳይሞላ ይወጣል፤ «ስንት ነው?» የሚል ጥያቄም ይበዛል። የጎደለው ነገር የሚታወቀው በዚህ ነው።

«ቦታዎን ይያዙ» የሚስማማው ቦታው በእርግጥ ውስን ሲሆን ነው። ክፍሉ 20 ኮምፒውተር ብቻ ካለውና 14ቱ ከተያዙ፣ «6 ቦታ ቀርቷል፤ እስከ ዓርብ ቦታዎን ይያዙ» ማለት ያመነታውን ያነሣሣል። 20ው ሞልቶም ምዝገባው ከቀጠለ ግን በቀጣዩ ዙር ቃሉን የሚያምን አይገኝም።

ሦስቱንም በአንድ ማስታወቂያ መደርደር አይጠቅምም፤ አንባቢው የትኛውን እንደሚያደርግ ሳይለይ ያልፋል። በየተራቸው ይውጡ።