የሥራ መደብ በነጥብ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1968 በምሥራቅ ለንደን ዳገንሃም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ አቆሙ። ወንበር የሌለው መኪና አይሸጥምና ብዙም ሳይቆይ የመኪና ምርቱ ቆመ። ታሪኩ ዛሬ የሚነገረው ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲከፈላቸው እንደተደረገ ትግል ነው። ጠቡን የጫረው ግን የሥራ ምዘና ነበር። ኩባንያው ሥራዎቹን ሁሉ በአዲስ መልክ መዝኖ በደረጃ ሲመድብ ስፌቱን “ቢ” አለው። ሴቶቹ ደግሞ “ሥራችን ሙያ ይጠይቃል፤ የሚገባን ‘ሲ’ ነው” አሉ። ለመቀጠርም በመኪና ሰፍተው ፈተና ማለፍ ነበረባቸው። በዚያ ላይ የሚከፈላቸው በዚያው ደረጃ ያለ ወንድ ከሚያገኘው 85 በመቶ ብቻ ነበር።

በሀገራችንም የመንግሥት ሠራተኞች ብዙ የተነጋገሩበት የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ በዚሁ የነጥብ ዘዴ የቆመ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ “የእኔ ዲግሪና የሃያ ዓመት አገልግሎት የት ገባ?” የሚል ነው። መልሱ ቢመርም ግልጽ ነው፤ የሚመዘነው ሰውየው ሳይሆን የሥራ መደቡ ነው። በመደቡ ላይ ማንም ቢቀመጥ ነጥቡ አይለወጥም። የሠራተኛው ትጋት በሥራ አፈጻጸም ይለካል፣ የአገልግሎት ዘመኑ ደግሞ በደረጃው ውስጥ ባሉት የደመወዝ እርከኖች ይታያል።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ፋብሪካ መለኪያዎቹን አራት አደረገ እንበል። ለዕውቀትና ክህሎት እስከ 400፣ ለኃላፊነት እስከ 300፣ ለጥረት እስከ 200፣ ለሥራ አካባቢ እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። እያንዳንዱ መለኪያ አምስት እኩል እርከን አለው። አንድ ደረጃ የሚይዘው መቶ ነጥብ ነው፤ ከ301 እስከ 400 ያገኘ ደረጃ 4፣ ከ401 እስከ 500 ያገኘ ደረጃ 5 እያለ ይቀጥላል።

መዛኝ ኮሚቴው የማሽን ጥገና ሠራተኛውን መደብ በክህሎት 240፣ በኃላፊነት 180፣ በጥረት 160፣ በሥራ አካባቢ 80 ሰጠው። ድምሩ 660፣ ደረጃው 7 ሆነ። በፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ያለችው ሞግዚት መደብ 160፣ 120፣ 80 እና 40 አገኘ፤ 400 ነጥብ፣ ደረጃ 4።

ኮሚቴው ተንኮል አልሠራም። መመሪያው “ኃላፊነት” ሲል የሚጠይቀው ስለ ገንዘብና ስለ ንብረት ብቻ ነበር፤ “ጥረት” ሲልም ከባድ ዕቃ ማንሳትን። ሞግዚቷ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከልጆች ላይ አለመንቀሏና ሲያለቅሱ አንስታ መያዟ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። መመሪያው የሰው ደኅንነትንና የማያቋርጥ ትኩረትን እንዲጨምር ተደርጎ መደቡ እንደገና ቢመዘን ኃላፊነቱ 240፣ ጥረቱ 160 ይሆናል። የቀረው ሳይነካ ድምሩ 600፣ ደረጃው 6 ይደርሳል። ከጥገናው ጋር እኩል አልሆነም፤ መሆንም የለበትም ይሆናል። ነገር ግን የሦስት ደረጃው ልዩነት ወደ አንድ ወረደ። ሥራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ስለዚህ አድልዎ ካለ በመጀመሪያ የሚፈለገው በመለኪያዎቹ ዝርዝርና ለእያንዳንዳቸው በተሰጠው ክብደት ውስጥ ነው። ሌላው የሚበላሽበት ቦታ ወሰኑ ነው። የሞግዚቷ መደብ ደረጃ 7 ለመግባት አንድ ነጥብ ጎደለው። መዛኞች የደረጃዎቹን ወሰን አስቀድመው ካወቁ ግን ለሚወዱት መደብ ያቺን የጎደለች ነጥብ መፈለግ አይከብዳቸውም። ብዙ መደቦች ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ብለው ተኮልኩለው ከታዩ ውጤቱ ቀድሞ ተወስኖ ነጥቡ በኋላ እንደተሞላ መጠርጠር ይገባል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ኮሚቴዎች ነጥብ ሰጥተው ሳይጨርሱ ወሰን የማያበጁት።

የዳገንሃም ሴቶች ከሦስት ሳምንት አድማ በኋላ የሥራ ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ባሉበት ተደራድረው የ“ቢ” ደረጃ ወንዶች ከሚያገኙት 92 በመቶ ተፈቀደላቸው። የእኩል ክፍያ ሕግም በ1970 ወጣ። ደረጃቸው ግን ያው “ቢ” ሆኖ ቀረ። የጠየቁትን “ሲ” ያገኙት ሌላ አድማ መትተው በ1984 ነው።

እርስዎም በተመደቡበት ደረጃ ቅር ከተሰኙ ድምሩን ይዘው አይከራከሩ። በእያንዳንዱ መለኪያ የተሰጠውን ነጥብና ኮሚቴው የተመለከተውን የሥራ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ሥራ ነጥብ አያገኝምና ዘወትር የሚሠሩት ነገር ግን ያልተጻፈው የቱ እንደሆነ ለይተው በማስረጃ ያቅርቡ።