ዝምታውን ፈልጎ መናገር

«ድፍረት» የተባለውን ፊልም ስናይ ማየት የተሳነው ጓደኛዬ ተኩስ ሰምቶ «ማነው የተኮሰው?» አለኝ። ስመልስለት ቀጥሎ የተነገረው አመለጠው። ስለዚህ ቀድሜ የማነብለትን ጻፍኩ፤ «ሂሩት በጣም ፈርታ ጠመንጃ ይዛ በጠለፋት ሰውዬ ላይ ተኮሰች»።

ጮክ ብዬ ሳነበው 5 ሰከንድ ፈጀ። ሰው የማይናገርበት ክፍተት ግን አጭር ስለሆነ ንግግሩ ላይ ወጣብኝ። እና ምኑን ልቁረጥ? ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ፍርሃቷ ከትንፋሿ ይታወቃል፣ ተኩሱም ይሰማል፤ ሁለቱንም አወጣሁ። የማይሰማው ጠመንጃው በማን እጅ እንዳለ ነው። «ሂሩት ጠመንጃ ደገነች» ሲባል 2 ሰከንድ በቃው።

ይህም ከተኩሱ በፊት መባል አለበት፤ ከዘገየ ሰሚው በግምት ይሄዳል። እንደገና ስናየው ጓደኛዬ ማን እንደተኮሰ አልጠየቀኝም።