በየቀኑ ከዜሮ የሚጀምር ድምር፦ የእማማን ፈሳሽ በኤክሴል መቁጠር

የልብ ድካም ላለበት ወይም የኩላሊት እጥበት ለሚያደርግ ሰው ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በቀን የሚጠጣውን ፈሳሽ ይወስንለታል። «በቀን ከ1500 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ» ተብሎ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቆጠራው የቤተሰብ ሥራ ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ሥራው የሚወድቀው ኮምፒውተር በሚነካው ልጅ ላይ ነው። ነርሲንግ ስለምማር ይህን ጥያቄ ከጓደኞቼ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ለእማማ እንዴት አድርጌ ልመዝግብላቸው?» እኔ የምሰጣቸው መልስ አንድ የኤክሴል ፎርሙላ ነው። በጉግል ሺትስም ያው ነው የሚሠራው።

ቀኑ ካለቀ በኋላ ጠቅላላ ድምሩን ማወቅ ብዙም አይጠቅምም፤ የተጠጣው ተጠጥቷል። የሚያስፈልገው እማማ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲጠይቁ እስካሁን ስንት እንደደረሱ ማየት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር የዚያን ቀን የእስካሁኑን ድምር ማሳየት አለበት፤ አዲስ ቀን ሲመጣ ደግሞ ድምሩ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት አለበት።

በመጀመሪያው ረድፍ ርእሶቹን ጻፉ። A ዓምድ ቀኑ፣ B የተጠጣው፣ C መጠኑ በሚሊ ሊትር፣ D ድምሩ ይሁን። ከዚያ D2 ላይ ይህን አስገቡ፦

```
=SUMIF($A$2:A2,A2,$C$2:C2)
```

ፎርሙላው ሦስት ነገር ይላል። ከA2 ጀምረህ እስከዚህ መስመር ድረስ ያሉትን ቀኖች እይ፤ ከእነርሱ ውስጥ የዚህን መስመር ቀን የያዙትን ለይ፤ በC ላይ በአንጻራቸው ያለውን መጠን ደምር። ምስጢሩ ያለው በዶላር ምልክቱ ላይ ነው። `$A$2` ተቸንክሯል፣ አይንቀሳቀስም። ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው `A2` ግን ነጻ ነው። ፎርሙላውን ይዛችሁ ወደ ታች ስትጎትቱት በሦስተኛው ረድፍ `$A$2:A3`፣ በሰባተኛው `$A$2:A7` እያለ አንድ አንድ ረድፍ እየጨመረ ይሰፋል።

የአንድ ቀን ተኩል ምዝገባ እንይ፦

| ረድፍ | ቀን | የተጠጣው | ሚሊ ሊትር | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| 2 | 2026-03-02 | ሻይ | 200 | 200 |
| 3 | 2026-03-02 | ሾርባ | 300 | 500 |
| 4 | 2026-03-02 | ውሃ | 250 | 750 |
| 5 | 2026-03-02 | ቡና | 150 | 900 |
| 6 | 2026-03-03 | ውሃ | 200 | 200 |
| 7 | 2026-03-02 | የመድኃኒት ውሃ | 150 | 1050 |
| 8 | 2026-03-03 | ሻይ | 200 | 400 |

ስድስተኛው ረድፍ ላይ ቀኑ ስለተለወጠ ድምሩ ወደ 200 ወረደ። ሰባተኛውን ረድፍ ደግሞ ልብ በሉት። እማማ ትናንት ማታ መድኃኒታቸውን የዋጡበትን ውሃ የተናገሩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ፎርሙላው በመካከል የገባውን የ3ኛውን ቀን ውሃ ዘልሎ የ2ኛውን ቀን 900 አስታወሰና 1050 አደረሰው። ቀጥሎ ያለው ሻይ ደግሞ የራሱን ቀን ይዞ 400 ሆነ። «ቀኑ ከላይኛው ጋር አንድ ከሆነ ደምር፣ ካልሆነ አዲስ ጀምር» የሚለው ሌላው የተለመደ ፎርሙላ ይህን አይችልም፤ መስመሮቹ በቀን ተራ ተደርድረው ካልገቡ ይሳሳታል። ሰው ደግሞ የጠጣውን በተራ አያስታውስም።

የቀረውን ማየት ከፈለጋችሁ E2 ላይ `=1500-D2` ብላችሁ ጎትቱት። ቁጥሩን ግን ለእማማ ሐኪሙ በወሰነው መጠን ተኩት።

አውሮፓ ያላችሁ ፎርሙላውን ገልብጣችሁ ስታስገቡ ኤክሴል እንቢ ሊላችሁ ይችላል። በብዙ አገር አሠራር በነጠላ ሰረዝ ፋንታ `;` ይገባል። ፕሮግራሙ በአገሩ ቋንቋ ከሆነ ስሙም ይለወጣል፦ በጀርመንኛ `SUMMEWENN`፣ በጣልያንኛ `SOMMA.SE`፣ በስዊድንኛ `SUMMA.OM` ነው።

አሁን ወደሚበላሽበት እንምጣ። ኤክሴል ስሕተት ብሎ ከጮኸ ጥሩ ነው፤ አደገኛው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ ነው።

የድምሩ ዓምድ ከመጠኑ ዓምድ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም 200፣ 300፣ 250 እያለ ከሄደ፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ሴል ተጭናችሁ ፎርሙላውን እዩ። መነሻው `$A$2` ካልሆነ ዶላሩ ተረስቷል ማለት ነው። በተቃራኒው አንድ ቀን ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ ያንኑ የቀኑን ጠቅላላ ድምር ካሳዩ፣ መጨረሻውም በዶላር ተቸንክሯል።

ፎርሙላው ትክክል ሆኖ ድምሩ አሁንም የማይጠራቀም ከሆነ ጥፋቱ ያለው በቀኑ ዓምድ ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ 2026-03-02 ለእርሱ 46083 ነው። ከቀኑ ጋር ጠዋት ሁለት ሰዓት ብላችሁ ሰዓቱን ከጨመራችሁ 46083.3333 ይሆናል፣ የቀትሩ ደግሞ 46083.5። ለእኛ አንድ ቀን፣ ለፎርሙላው ግን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ በA ላይ ቀኑን ብቻ አስገቡ፤ `Ctrl+;` ስትጫኑ የዛሬው ቀን ያለ ሰዓት ይገባል። ሰዓት ካስፈለጋችሁ የራሱን ዓምድ ስጡት። በቀኑ ፋንታ «ሰኞ» ብሎ መጻፍም አይሆንም፤ የሚመጣው ሰኞ ካለፈው ሰኞ ላይ ይቀጥላል።

ከሁሉም የከፋው በመጠኑ ዓምድ ላይ የሚሆነው ነው። አባባ ወይም ሌላ ሰው ተራው ደርሶ ሲመዘግብ «250 ሚሊ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያ ለኤክሴል ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ `SUMIF` ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ድምሩ ከእውነቱ ያንሳል፣ እማማም ገና ቦታ ያላቸው ይመስላል። ጽሑፍ ወደ ሴሉ ግራ፣ ቁጥር ወደ ቀኝ ስለሚጠጋ በዓይን ይታያል፤ ግን በዓይን አትመኑ። አንድ ባዶ ሴል ላይ ይህን አኑሩ፦

```
=COUNTA(C2:C500)-COUNT(C2:C500)
```

የመጀመሪያው የተሞሉትን ሴሎች ሁሉ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ቁጥር የሆኑትን ብቻ። ውጤቱ 0 ካልሆነ ያልተደመረ መስመር አለ።

አዲስ መስመር ሁልጊዜ ከታች ጨምሩ። ከሁለተኛው ረድፍ በላይ ካስገባችሁ መነሻው ራሱ ወደ `$A$3` ይወርዳል፣ አዲሱም መስመር ከቆጠራው ውጭ ይቀራል። በሺዎች ለሚቆጠር መስመር ፎርሙላው ከባድ ነው፤ 10,000 ረድፍ ቢኖር ወደ 50 ሚሊዮን ያህል ንጽጽር ያደርጋል። ለአንድ ቤት የጥቂት ወራት ምዝገባ ግን አይሰማውም።

ፎርሙላው የሚደምረው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ የቤቱን ሲኒ፣ ኩባያና የሾርባ ሳህን አንድ ጊዜ በመለኪያ ለኩና ልካቸውን ጻፉ፤ «አንድ ሲኒ» በየቤቱ የተለያየ ነው። ሾርባና አይስ ክሬም ፈሳሽ ናቸው፣ ይቆጠራሉ። በረዶ በነርሲንግ ሲመዘገብ የመጠኑ ግማሽ ይያዝለታል፤ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ሙሉ በረዶ 100 ተብሎ ይገባል። እግራቸው ካበጠ ወይም ክብደታቸው በድንገት ከጨመረ ግን ሠንጠረዡ 900 ቢልም 1400 ቢልም ለሐኪማቸው ደውሉ።