ከግራው ዓምድ ግርጌ በኋላ የት ይነበባል?

ስካን የተደረገ የጋዜጣ ገጽ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ ብዙዎቻችን የምንፈራው የፊደል ስሕተትን ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ለዓይን ይታያል፣ አንባቢም ከዐውዱ ተነሥቶ ያቃናዋል። የሚከፋው ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በትክክል ተነቦ ዐረፍተ ነገሩ ቦታውን ሲስት። የግራው ዓምድ አንድ መስመር ከቀኙ ዓምድ መስመር ጋር ተገጣጥሞ ይጻፋል፣ ወይም የአንዱ ዜና መጨረሻ ከሌላው ዜና መካከል ይወድቃል። እንዲህ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ላይ ቃል ቢፈለግ ይገኛል፤ ሐሳቡ ግን አይገኝም።

የፊደል ማንበቢያው ፕሮግራም ገጹን ሲያይ የሚያገኘው የጽሑፍ ቁራጮችን ከነቦታቸው ነው። ይህ ቁራጭ ከገጹ ግራ ዳር ይህን ያህል፣ ከላዩ ዳር ይህን ያህል ይርቃል፤ ስፋቱና ቁመቱ ይህን ያህል ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ተራ ጽሑፍ ደግሞ አንድ ረጅም ክር ስለሆነ ቁራጮቹን በአንድ ረድፍ ማሰለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መወሰን አለበት።

ለዚህ ውሳኔ ቶማስ ብሮይል የተባለ ተመራማሪ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያቀረባቸው ሁለት ሕጎች ዛሬም መነሻ ይሆናሉ። የመጀመሪያው፦ ሁለት ቁራጮች ከላይና ከታች ሆነው ስፋታቸው የሚደራረብ ከሆነ የላይኛው ይቀድማል። ሁለተኛው፦ አንዱ ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ከሌላው ግራ ከሆነ የግራው ይቀድማል፤ ነገር ግን በከፍታ በሁለቱ መካከል የገባ፣ በስፋት ደግሞ ሁለቱንም የሚነካ ሌላ ቁራጭ ካለ ይህ ሕግ አይሠራም። ቁም ነገሩ ያለው «ነገር ግን» ከሚለው በኋላ ነው።

አንድ ገጽ እንውሰድ። ከላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ትልቅ ርዕስ አለ። ከሥሩ የመጀመሪያው ዜና በግራና በቀኝ ዓምድ ይወርዳል። በገጹ ወገብ ላይ ሁለተኛ ሰፊ ርዕስ ይመጣል፤ ከሥሩ ሁለተኛው ዜና እንዲሁ በሁለት ዓምድ ተቀምጧል። የላይኛው ርዕስ ከሁሉም በላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ሕግ ይቀድማል። ከዚያ የላይኛው ግራ ዓምድ፣ በሁለተኛው ሕግ ደግሞ የላይኛው ቀኝ ይከተላሉ። አሁን የታችኛው ግራ ዓምድ ከላይኛው ቀኝ ዓምድ ይቀድማል ወይ? በቦታ ግራ ላይ ነው፤ ግን ሁለቱን የሚነካው የወገቡ ርዕስ በመካከላቸው ስላለ ሁለተኛው ሕግ ዝም ይላል። ርዕሱ ከላይኛው ቀኝ በኋላ፣ የታችኛው ግራ ደግሞ ከርዕሱ በኋላ ይመጣል። ሰፊው ርዕስ ገጹን በአግድም ቆረጠው ማለት ነው፤ አንባቢም በዓይኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሕጉ የሚሰናከልበት ገጽም አለ፣ ብርቅ አይደለም። የላይኛው ዜና በሁለቱም ዓምድ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ዜናዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው አንድ ዓምድ ስፋት ያለው ርዕስ ሲኖራቸው፣ ሁለቱንም ዓምድ የሚነካ ቁራጭ አይገኝም። ፕሮግራሙ የግራውን ዓምድ እስከ ግርጌ ይወርድና የላይኛውን ዜና አጋማሽ ከትንሹ ዜና ጋር ያገናኘዋል። የዋናው ዜና ቀሪ ክፍል ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ጠፍቶ ይመጣል። መፍትሔው ሰው የሚያየውን ምልክት ለፕሮግራሙ መስጠት ነው። አታሚው ከዋናው ዜና ሥር ቀጭን መስመር አስምሮ ከሆነ መስመሩ ራሱ እንደ ሰፊ ቁራጭ ይቆጠር። መስመር ከሌለ ደግሞ በሁለቱ ዓምዶች በአንድ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ሁለት ርዕሶች እንደ አንድ ሰፊ ርዕስ ይቆጠሩ።

የፎቶ መግለጫ የሚያመጣው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ገጹ መካከል ላይ ሁለቱን ዓምድ የያዘ ፎቶ ካለ ከሥሩ ያለው መግለጫ ሰፊ ስለሆነ ለሕጉ ርዕስ ይመስለዋል። ዜናው ግን ብዙ ጊዜ ከፎቶው በላይ ካለው ግራ ዓምድ ፎቶውን ዘሎ ወደ ታችኛው ግራ ዓምድ ይቀጥላል እንጂ ወደ ቀኝ አይሻገርም። ስለዚህ ሰፊ ቁራጭ ሲገኝ ቆራጭ መሆኑን ከማመን በፊት ፊደሉ ከዜናው ፊደል ይተልቅ እንደሆነ፣ ከላዩም ፎቶ ይኑር አይኑር ማየት ያስፈልጋል። መግለጫ ከሆነ ከረድፉ አውጥቶ ዜናው ካለቀ በኋላ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከዚህ የቆየ ሌላ ዘዴም አለ፤ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ጆርጅ ናጊና ሻራድ ሴት ያቀረቡት ሲሆን ብዙ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ይህ ዘዴ ጽሑፉን ሳይሆን ባዶውን ያያል። ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ባዶ ሰቅ ሲያገኝ ገጹን እዚያ ላይ ይቆርጠዋል፣ ከዚያም እያንዳንዱን ክፋይ እንደገና በዚያው መንገድ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ሰፊውን ባዶ ስለሚያስቀድም ውጤቱን የሚወስነው በዓምዶቹ መካከል ያለው ቁልቁል ባዶና በአንቀጾች መካከል ያለው አግድም ባዶ የትኛው እንደሚበልጥ ነው። ይህ ለአገራችን አንባቢ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በየገጹ ያጋጥማል።

ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ የሚታወጅበት ነው። በፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ዓምድ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ብዙ ጊዜ አንቀጽ ከአንቀጽ ጋር በአንድ ከፍታ እንዲጀምር ስለሚደረግ የአንዱ ቋንቋ ቃል ሲያጥር ከሥሩ ባዶ ይቀራል። ዓምዶቹን የሚለየው ባዶ ጠባብ ሲሆን በአንቀጾቹ መካከል ያለው ባዶ ይበልጠዋል፤ ያን ጊዜ የቆየው ዘዴ ገጹን በአግድም ይቆርጥና የአማርኛውን አንቀጽ ፩፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን አንቀጽ ፩፣ ከዚያ የአማርኛውን አንቀጽ ፪ እያለ ይሄዳል። የብሮይል ሕግ ደግሞ አማርኛውን እስከ ገጹ ግርጌ ወርዶ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራል። የመጨረሻው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ገጹ ላይ ካላለቀ ቀጣዩ ቃሉ የሚገኘው ግን በቀኙ ዓምድ ሳይሆን በሚቀጥለው ገጽ ግራ ዓምድ አናት ላይ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው? መልሱን የሚወስነው ጽሑፉ ለምን እንደሚፈለግ ነው። ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንቀጽ ከአንቀጽ ጋር ተጣምሮ መምጣቱ ሀብት ነው። ሕጉን ለሚያነብ ግን የሚያስፈልገው አንድ ያልተቆራረጠ የአማርኛ ጽሑፍ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ ሥልጣን ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ የተቆራረጠ አማርኛ ሊተው የሚችል ጉድለት አይደለም። በእኔ ፍርድ ሁለቱን ዓምዶች መጀመሪያ ለየብቻ ማውጣት ይበልጣል። ሁለት ንጹሕ ፋይሎች ከተገኙ በኋላ በአንቀጽ ቁጥር ማጣመር ይቻላል፤ ተቀላቅሎ የወጣን ጽሑፍ መለየት ግን አድካሚ ነው።

አሠራሩ ገጹን በዓምዶቹ መካከል ባለው ባዶ ላይ ሁለት ቦታ ቆርጦ እያንዳንዱን በየቋንቋው ማስነበብ ነው። ለኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ስካን ሲደረግ ምስሉ በግምት 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ባዶው በገጹ አጋማሽ ላይ ነው ብለን እናስብ፦

```
convert p12.png -crop 1240x3508+0+0 +repage amh12.png
convert p12.png -crop 1240x3508+1240+0 +repage eng12.png
tesseract amh12.png amh12 -l amh --psm 4
tesseract eng12.png eng12 -l eng --psm 4
```

`--psm 4` ምስሉ ላይ ያለው አንድ ዓምድ ብቻ መሆኑን ለፕሮግራሙ ይነግረዋል፤ በዚህም ዓምድ ፍለጋ ይቀርለታል። የአማርኛው ፋይሎች በገጽ ቁጥር ቅደም ተከተል ሲቀጠሉ በገጹ ግርጌ የተቋረጠው ዐረፍተ ነገር ከቀጣዩ ጋር ይገናኛል። የጋዜጣውን ስም የያዘው ሰፊ ራስጌ ግን ለሁለት ስለሚሰነጠቅ ከመቆረጡ በፊት ለብቻው መነሣት አለበት፤ የገጽ ቁጥሩም ዐረፍተ ነገር መካከል እንዳይገባ እንዲሁ።

1240 የሚለው ቁጥር በየገጹ መፈተሽ ያለበት ነው፤ ትልቁ አደጋ ደግሞ የገጹ መዝመም ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጽሑፍ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘም ላዩ ከታቹ 4.4 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ይላል። በዓምዶቹ መካከል ያለው ባዶ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀጥ ብሎ ሊያልፍ የሚችለው መንገድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይቀራል፤ ትንሽ የቀለም ጠብታ ትዘጋዋለች። ባዶው ሲዘጋ ፕሮግራሙ ሁለቱን ዓምዶች እንደ አንድ ሰፊ ዓምድ ያነባቸዋል፣ መስመር ከመስመር ጋር መገጣጠሙም ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ገጹን ማቃናት ከመቁረጥ ይቀድማል። በጥራዙ መታጠፊያ አካባቢ የጎበጠ ገጽ ግን ማዞር ብቻ አይበቃውም፤ የላይኛውንና የታችኛውን አጋማሽ በተለያየ ቦታ መቁረጥ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ መሳቱ ጽሑፉን ሁሉ ሳያነቡም ይታወቃል። በነጋሪት ጋዜጣ ቀላሉ መፈተኛ የፊደሉ ዓይነት ነው፤ በአንድ መስመር ላይ የግእዝ ፊደልና የላቲን ፊደል በእኩል መጠን ከተገኙ ዓምዶቹ ተቀላቅለዋል። አማርኛ ብቻ ባለበት ጋዜጣ ግን መጋጠሚያውን ማየት ነው፦ የአንዱ ቁራጭ የመጨረሻ መስመርና የቀጣዩ የመጀመሪያ መስመር። ግሱ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አራት ነጥብ ሳይኖረው የተቋረጠ መስመር ቀጥሎ ግሱን የሚያመጣ ቁራጭ ይፈልጋል፤ ቀጣዩ ቁራጭ አዲስ ሐሳብ ከጀመረ አንዱ ከቦታው ውጪ ነው። በድሮ ኅትመት ሁለት ነጥብ ተጨማሪ ማስረጃ ይሰጣል። የአማርኛ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ሰረዝ ስለሚሰበር፣ መስመሩ ያለ «፡» ካበቃ የቃሉ ግማሽ በቀጣዩ ዓምድ አናት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚታወቅ ቃል ከሰጡ ዓምዶቹ በትክክል ተከታትለዋል።

ለአዋጅ አንድ ፈተና ይጨመራል፤ የአንቀጽ ቁጥሮቹ ያለ መዝለል መከታተል አለባቸው። የግእዝ ቁጥሮች በማንበቢያው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ስለሚሳቱ የአማርኛውን ብቻ ማመን አይበቃም። በእንግሊዝኛው ፋይል ውስጥ ያሉትን አንቀጾች ቆጥሮ ከአማርኛው ጋር ማስተያየት ይቀላል፤ ቆጠራው የተለያየበት ገጽ እንደገና በዓይን የሚታየው ገጽ ነው።